ነጠላ በፎቶሾፕ ትከሻ ላይ ሳለብስ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ምን አጎደልኩ?

ቤዛ_ኤዲት

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለ ስቱዲዮ ኤዲት ነው የምሠራው። አንድ ቤተሰብ የእናታቸውን ፎቶ አምጥተዋል። እናትየው አሁን በሕይወት የሉም። ለሙት ዓመታቸው በ50 በ75 ሳንቲ ታትሞ እንዲሰቀል ነው የሚፈልጉት፤ «ያለ ነጠላ ከቤት ወጥተው አያውቁምና ነጠላ አልብሱልን» ብለዋል።

ፋይሉ ጥሩ ነው፣ 4000 በ6000 ፒክስል፣ ከወገብ በላይ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ባክግራውንዱ መካከለኛ ግራጫ ነው። ዋናው ብርሃን በሶፍትቦክስ ከተመልካቹ ግራ በኩል ይመጣል። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ነጠላ ቆርጬ ትከሻቸው ላይ አስቀመጥኩት፣ በWarp አጎበጥኩት፣ Drop Shadow ጨመርኩ። ከሩቅም ከቅርብም የተለጠፈ ወረቀት ነው የሚመስለው። ኦፓሲቲውን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ጭስ መሰለ። የት ነው የተሳሳትኩት?

ሳሚ_ግራፊክስ

ቀላል ነው ቤዝዬ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ተቆርጦ አይሆንም። ጥቁር ጨርቅ ፊት አንጠልጥለሽ አንሺው፣ ከዚያ ሌየሩን Screen አድርጊው። ጥቁሩ በራሱ ይጠፋል፣ ነጩ ብቻ ይቀራል፣ ቀሚሱም በስሱ ይታያል። ብርሃኑ በተቃራኒ ከሆነ Flip Horizontal ነው መፍትሔው። ጥላው ላይ ደግሞ Drop Shadow ሰፋ አድርጊው፣ አለቀ።

የሸማ_ነገር

ልጄ፣ ነጠላ ከትከሻ ላይ አልቀመጥ የሚለው አዲስ ሲሆን ነው። ገና ያልታጠበ ነጠላ ደረቅ ይላል፣ ሱቅ ተጣጥፎ የከረመበት መስመርም አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። አንዴ ለብ ባለ ውኃ አጥበሽ፣ ሳትጨምቂ አስጪውና እርጥበት እያለው በእጅሽ ዘርጊው። ሴትየዋ ሲቀመጡ ከኋላ በኩል፣ ከአንገት በታች፣ በመርፌ ቁልፍ ያዝ አድርጊላቸው። አይንሸራተትም።

ቤዛ_ኤዲት

እትዬ አመሰግናለሁ፤ ግን ሴትየዋ አርፈዋል። ነጠላውን በኮምፒውተር ነው የማለብሳቸው።

የሸማ_ነገር

ነፍሳቸውን ይማር። ሳላስተውል ነው ያነበብኩት። እንግዲያውስ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጥለቱን አደራ። ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ከወጣ ነጠላው ተዘቅዝቋል ማለት ነው፤ እንደዚያ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው። እሳቸው በደህና ቀናቸው እንደነበሩ ነው ፎቶው ላይ መቀመጥ ያለባቸው። ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ።

አሮጌ_ሌንስ

ቤዛ፣ ያጎደልሽው ኤዲቱ ላይ አይደለም፣ ነጠላው ፎቶ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ነጠላ የሌላ ሰው ትከሻ ላይ፣ በሌላ ብርሃን፣ ከሌላ ከፍታ የተነሳ ነው። እጥፋቱ ሁሉ ያንን ትከሻ ነው የሚከተለው። በWarp ስትጎትቺው ዳር ዳሩ ይገጥምልሻል፣ እጥፋቱ ግን አሁንም ሌላ አካል ላይ እንደተንጠለጠለ ይናገራል። ዓይን ይህን ስሙን ሳያውቅ ያየዋል።

ስለዚህ ነጠላውን ራስሽ አንሺው። በትከሻ ስፋት ከእናትየው ጋር የምትቀራረብ ሴት ፈልጊ፤ መልክ አያስፈልግም፣ ከአገጭ በታች ብቻ ነው የምንወስደው። በርጩማ ላይ አስቀምጫት፣ ደረቷን በፎቶው ላይ ባለው መጠን አዙሪያት። የፎቶውን ፋይል መረጃ ብታዪ የሌንሱ ርዝመት ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ በዚያው ርዝመት፣ ካሜራውን በዚያው ከፍታ አድርገሽ አንሺ። ሶፍትቦክሱን ከተመልካቹ ግራ አቁሚ። የዋናው ፎቶ የአፍንጫ ጥላ በየት በኩል እንደወደቀና ምን ያህል እንደረዘመ እዪና ተወካይዋ ላይም እንደዚያው እስኪወድቅ መብራቱን አንቀሳቅሺ። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ መለኪያ የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ተወካይዋን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ አልብሻት፣ ባክግራውንዱንም ግራጫ አድርጊው። ነጠላ በስስ ቦታው የሚያሳየው ከሥሩ ያለውን ቀለም ነው። ከሰማያዊ ቀሚስ በላይ አንድ ድርብ ብቻ የሆነበት ቦታ ነጭ አይደለም፣ ወደ ግራጫማ ሰማያዊ ይሄዳል። ትከሻ ላይ ተደራርቦ የተጣጠፈው ነው በእውነት ነጭ የሚሆነው። ተመሳሳይ ልብስ ላይ ካነሳሽው ያ ልዩነት በካሜራው ተመዝግቦ ይመጣልሻል፤ ኦፓሲቲ መቀነስም Screen ማድረግም አያስፈልግሽም። አንቺ ኦፓሲቲውን ስትቀንሺ ስሱም ድርቡም እኩል ሳሳ፣ ጭስ የመሰለው ለዚህ ነው።

አጋላለጡን ለፊት ከሚሆነው በ2/3 ስቶፕ ያህል ቀንሺው። የነጠላ ድርና ማግ በብርሃን ከተቃጠለ በኋላ አይመለስም፤ ጠቆር ያለውን ግን በCurves ማንሳት ይቻላል። በሦስት ወይም በአራት ዓይነት አጣጣል አንሺ፣ በየመሃሉ ሙሉ በሙሉ አውልቀሽ እንደገና አልብሻት። በእጅ የተስተካከለ እጥፋት ሁሌም የተስተካከለ ነው የሚመስለው።

እትዬ ያሉትን ማጠቡንና መዘርጋቱን ተቀበይ፣ ትክክል ነው። የመርፌ ቁልፉን ግን ተዪው። ቁልፍ የያዘው ቦታ እጥፋቶቹን ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባቸዋል፣ በፎቶ ላይ ያስታውቃል።

ሳሚ_ግራፊክስ

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ተወካይ ፈልጎ ማንሳት ለአንድ ፎቶ ብዙ ድካም ነው። Screen እኮ ለመጋረጃ፣ ለቬሎ ሁልጊዜ የምንሠራበት ነው። ለምን ለነጠላ አይሆንም?

አሮጌ_ሌንስ

ሳሚ፣ በጥቁር ልብስ ላይ ላለ ስስ ክፍል የምትለው ይሠራል። ችግሩ Screen ከሥሩ ካለው በፍጹም ማጨለም አለመቻሉ ነው። ስሌቱን እየው፦

```
255 - (255 - ከሥር) × (255 - ነጠላ) / 255
```

የእጥፋት ጥላ 150 ነው እንበል፣ ነጠላው ከትከሻ ወጥቶ ግራጫው ባክግራውንድ ላይ ያረፈበት ቦታ ደግሞ 180። ውጤቱ 224 ገደማ ነው። ጥላ መሆን የነበረበት ቦታ ከባክግራውንዱ በልጦ አበራ። ስለዚህ በትከሻው ዳርና በአንገቱ ቆዳ ላይ እጥፋቱ ይጠፋል፣ ነጠላው ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል። ለቬሎ ይሆናል ያልከው ቬሎ ራሱ ጥላ የሌለው ያህል ስስ ስለሆነ ነው። ነጠላ ግን እጥፋቱ ላይ ድፍን ነው።

Drop Shadow ደግሞ በጠቅላላው ዳር አንድ ዓይነት ርቀትና አንድ ዓይነት ልስላሴ ነው የሚሰጠው። ጨርቅ ሰውነት ላይ እንደዚያ አይቀመጥም። ትከሻው ጫፍ ላይ ተጣብቋል፣ ደረት ላይ ትንሽ ይነሳል፣ ክንድ ጋ ሲደርስ ተንጠልጥሎ ይርቃል። የተጣበቀበት ጥላ ጠባብና ጠቆር ያለ ነው፣ የራቀበት ሰፊና ፈዛዛ። ወረቀት ያስመሰለው አንዱ እሱ ነው።

ዳዊት_ፎቶ

ጥያቄው ከተነሳ አይቀር፤ እኔም አባታቸው ጋቢ እንዲለብሱላቸው የጠየቁኝ ደንበኞች አሉ። ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሱት፣ ባክግራውንዱም ነጭ ነው። በዚሁ መንገድ ይሆናል?

አሮጌ_ሌንስ

ዳዊት፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ከሥሩ ምንም አያሳይም። ተወካይህ የለበሰው ቀለም ብዙ አያስጨንቅህም። እጥፋቱም ጥቂት፣ ወፍራምና ክብ ክብ ነው፤ ከነጠላ የተወሰደ ቀጭን እጥፋት ጋቢ አይሆንም። ያንተ ችግር ነጭ በነጭ ላይ መሆኑ ነው፤ የሚለየው ጥላ ብቻ ነው። ጋቢውን ስታነሳ መብራቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ በጥላው በኩል ያለው ዳር ከባክግራውንዱ ጠቆር ብሎ እንዲታይ። ግን የዋናው ፎቶ ብርሃን ከፊት ለፊት ከሆነ ይህን ማድረግ አትችልም፤ ያኔ ባክግራውንዱን ወደ ፈዛዛ ግራጫ መቀየር እንደሚሻል ለቤተሰቡ ንገራቸው።

ቤዛ_ኤዲት

ጋሼ፣ ተወካይ አገኘሁ፣ ዛሬ አነሳኋት። ሰማያዊ ሻርፕ ደረቷ ላይ ጠምጥሜ ነው ያነሳሁት፣ ተመሳሳይ ቀሚስ አላገኘሁም። የወሰድኩት አጣጣል አንዱ ጫፍ ከፊት ወደ ታች የወረደ፣ ሌላው በግራ ትከሻ ወደ ኋላ የተጣለ ነው። አሁን አገጣጠሙ ላይ ከየት ልጀምር? መጠኑን በምን ልለካው?

አሮጌ_ሌንስ

ሻርፑ ይበቃል፣ ቀለሙ ከቀረበ።

መጀመሪያ ነጠላውን ለሁለት ክፈይው። አንዱ ከአንገት ኋላ የሚታየው ክፍል ነው፣ ሌላው ትከሻና ደረት ላይ ያለው። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ቆርጦ ያስቀምጥና ነጠላው የሕፃን መሃረብ ይመስላል። እናትየዋን በራሳቸው ሌየር ላይ ቁረጫቸው፣ የኋላው ነጠላ ከእሳቸው ሥር ይግባ፣ የፊቱ ከላይ። አንገት ላይ የወረደ ፀጉር ካለ ከነጠላው በላይ መምጣት አለበት።

ሁለቱንም Convert to Smart Object አድርጊ። መጠኑን በትከሻ ስፋት ብቻ አትለኪ፣ በጥለቱ ወርድ አመሳክሪው። ተወካይዋን ከዋናው ፎቶ ጋር በአንድ ርቀትና በአንድ ሌንስ ካነሳሽ ከ90 እስከ 110 በመቶ ባለው ውስጥ ይገባልሻል። ከዚያ ከወጣ ነጠላው የልጅ ወይም የብርድ ልብስ ይሆናል፤ ያኔ እንደገና ማንሳት ነው የሚያዋጣው።

ከዚያ Puppet Warp። ስድስት ፒን ይበቃል፦ ሁለት የአንገት ሥር፣ ሁለት የትከሻ ጫፍ፣ ሁለት የታችኛው ዳር። የምታንቀሳቅሺው የትከሻዎቹን ብቻ ነው፣ የቀሩት ጨርቁን ይዘው ለመቆም ናቸው። ፒን በበዛ ቁጥር ጨርቁ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ጥለቱን እያየሽ ሥሪ፤ በሽመናው ላይ ያሉት ትንንሽ ቅርጾች ረዝመው ወይም ጎብጠው ካየሽ ከመጠን በላይ ጎትተሻል። ጥለቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ወርዱ መቆረጥ አለበት እንጂ መቅጠን የለበትም።

አሁን የትከሻው መስመር። ነጠላ ውፍረት አለው። ተጣጥፎ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ከቀሚሱ መስመር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ወደ ውጭ ይወጣል። ትከሻቸው ከጫፍ ጫፍ 2000 ፒክስል ከሆነና በእውኑ 40 ሳንቲ ነው ብለን ብንገምት አንድ ሳንቲ 50 ፒክስል ነው። ስለዚህ የነጠላው ዳር ከቀድሞው የትከሻ መስመር ከ50 እስከ 75 ፒክስል ውጭ ይሁን። ልክ በልክ ከተቀመጠ ቀለም የተቀባ ቀሚስ ይመስላል።

ቤዛ_ኤዲት

አሁን ከበፊቱ ጋር አይወዳደርም። ጥላዎቹንም በMultiply ሌየር ላይ በብሩሽ ቀባሁ፤ ትከሻው ጋ በጠባቡ፣ ክንድ ጋ በሰፊው። ግን ሁለት ነገር አልጠፋልኝ አለ። ነጠላው ከአንገታቸው የተለየ ነው፤ ፊታቸውና ነጠላው አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ አይመስሉም። ጥላው ደግሞ ቆሻሻ መሰለ።

ሳሚ_ግራፊክስ

ቀለሙ ይሆናል። Match Color ሞክሪበት።

አሮጌ_ሌንስ

Match Color እዚህ አይረዳም ሳሚ፤ ነጠላውን ወደ ቆዳ ቀለም ይጎትተዋል።

ቆሻሻ የመሰለው ጥላ የተቀባው በንጹሕ ጥቁር ስለሆነ ይመስለኛል። ከቀሚሱ ከራሱ፣ በብብት አካባቢ ካለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ውሰጂና በእሱ ቀቢ። አንገት ላይ የሚወድቀው የነጠላ ጥላ ደግሞ ከአገጭ ሥር ካለው የቆዳ ጥላ ይወሰድ፣ እሱ ቡናማ ነው። የተጣበቀበትን ከ10 እስከ 15 ፒክስል በGaussian Blur አለስልሺው፣ ተንጠልጥሎ የራቀበትን ከ60 እስከ 100። ሁለቱን በአንድ ሌየር አትሥሪ፣ ለየብቻ ኦፓሲቲ ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ፊትና ነጠላው ስንመጣ፣ ሁለቱ እርስ በርስ የሚሰጣጡት ብርሃንና ጥላ ነው የጎደለው። አገጫቸው ነጠላው ላይ ጥላ መጣል አለበት። ብርሃኑ ከግራ ስለሆነ ያ ጥላ ከአገጩ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ በአንገቱ ላይ ይወርድና የነጠላው የአንገት እጥፋት ላይ ይደርሳል። ቀሚሱ ላይ የቀድሞው ጥላ አለ፣ አንቺ ግን ነጠላውን ስታስቀምጪ ሸፈንሽው። መስመሩ ሳይቋረጥ ነጠላው ላይ ቀጥዪው፣ እጥፋት ሲያቋርጥ ትንሽ ይሰበር።

ሌላው ተቃራኒው ነው። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ይመልሳል። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ሲነሱ ከሥር የሚመለስ ብርሃን ስላልነበረ አገጫቸው ሥር ጨለማ ነው። ነጠላ ለብሰው ቢሆን ኖሮ ያ ቦታ ፈካ ይል ነበር። አዲስ ሌየር በSoft Light ክፈቺና ሞቅ ባለ ፈዛዛ ነጭ፣ በትልቅና ለስላሳ ብሩሽ፣ ኦፓሲቲው ከ8 በመቶ ሳይበልጥ የመንጋጋውን ሥርና የአንገቱን ጎን ዳስሺው። ካስተዋልሽው በዝቷል። ሌየሩን አጥፍተሽ ስታበሪው ብቻ ልዩነቱ እንዲታወቅ ነው የምንፈልገው። ነጠላው «የሳቸው» የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ዳዊት_ፎቶ

ይህችን የአገጭ ሥር ብርሃን አላውቃትም ነበር። አንድ ጥያቄ፤ ሳሚ በመጀመሪያ ያነሳው Flip Horizontal ግን ምን ችግር አለው? ብርሃኑን ያስተካክላል እኮ።

አሮጌ_ሌንስ

ብርሃኑን ያስተካክላል፣ አጣጣሉን ይገለብጣል። በብዛት የሚጣለው የቀኙ ጫፍ ወደ ግራ ትከሻ ነው። ሲገለበጥ በቀኝ ትከሻ ላይ ይመጣል፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ደግሞ እናታቸው እንዴት ትጥል እንደነበር ዓይናቸው ውስጥ አለ።

የሸማ_ነገር

በዚህ አልስማማም። በሁለቱም በኩል የሚጥል አለ፤ ክንድ ሲደክም እንኳን ይቀየራል። ማንም ልብ አይለውም። ጥለቱ መዘቅዘቁ ነው የሚያስቆጣው።

ሳሚ_ግራፊክስ

እኔም እንደ እትዬ ነኝ። ግን ጥለቱ ላይ መስቀል ወይም ጽሑፍ ካለ መገልበጡ እንደሚያስታውቅ እቀበላለሁ።

አሮጌ_ሌንስ

እንግዲህ ቤተሰቡ ሌላ ፎቶ ካላቸው አይታ ትወስን። አንድ የሠርግ ፎቶ ውስጥ እንኳን ከጀርባ ቆመው ሊገኙ ይችላሉ።

ቤዛ_ኤዲት

ጠየቅኳቸው፤ በጥምቀት የተነሱት አለ። በግራ ትከሻ ነው የጣሉት፣ ጥለቱም ከታች ነው። ስለዚህ ያነሳሁት ልክ ነው፣ አልገለበጥኩም። የአገጩን ጥላና የአንገቱን ብርሃን ጨመርኩ፤ አሁን ነጠላው ከሳቸው ጋር ተቀምጧል። ከመታተሙ በፊት ምን ልፈትሽ?

አሮጌ_ሌንስ

መጀመሪያ ከሁሉም በላይ የCurves ሌየር ጨምሪና መስመሩን በጣም አቁሚው። ምስሉ አስቀያሚ ይሆናል፣ ግን የተቆረጠበት ዳርና ያልገጠመ ጥላ ወዲያው ይወጣል። ካረምሽ በኋላ ሌየሩን አጥፊው።

ቀጥሎ በ100 በመቶ አጉልተሽ የነጠላውን ድር ከፊታቸው ቆዳ ጋር አወዳድሪ። ነጠላው ይበልጥ የጠራ ከሆነ ትንሽ ማለስለስ፣ የዋናው ፎቶ የካሜራ ነጠብጣብ ካለበት ደግሞ ነጠላው ላይ በAdd Noise 2 በመቶ ያህል፣ Gaussian እና Monochromatic መርጠሽ መጨመር ነው።

የመጨረሻው ነጩ ነው። Info ሰሌዳውን ክፈቺና መዳፊቱን በጣም የበራው እጥፋት ላይ አሳርፊ። ከ235 እስከ 245 መካከል ይሁን። 250ን ካለፈ ሲታተም ቀለም የማያርፍበት ባዶ ወረቀት ይሆናል፣ በተለይ በትልቅ መጠን። ሦስቱ ቁጥሮችም እኩል እንዲሆኑ አታስገድጃቸው። ጥጥ ክሬም ያለ ነው፣ ሰማያዊው ቁጥር ከቀዩ በአራት በአምስት ቢያንስ ተፈጥሯዊ ነው። በጥላው በኩል ግን ወደ ሰማያዊ ይዘንብል፣ የቀሚሱ ቀለም ነው።

ቤዛ_ኤዲት

የበራው 252 ነበር፣ ወደ 242 አወረድኩት። ዘርፉ ላይ ግን አሁንም ሰማያዊ የሻርፑ ጠርዝ ቀርቷል፤ ክሮቹ ቀጭን ስለሆኑ ማስኩ አይለያቸውም።

አሮጌ_ሌንስ

ዘርፉን አትቁረጪው። እሱ የወረደው ቀሚሱ ላይ ከሆነ፣ ለዘርፉ ብቻ የሳሚን Screen ተጠቀሚ፦ የነጠላውን ቅጂ ውሰጂ፣ ዘርፉን ብቻ በማስክ አስቀሪ፣ ከዋናው የነጠላ ሌየር ላይ ዘርፉን በማስክ ደብቂ፣ ቅጂውን በCurves ሻርፑ ጥቁር እስኪሆን አጨልሚው፣ ከዚያ Screen። ከሥሩ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ እዚህ ቦታ ላይ ያ ችግር አይነሳም። ባክግራውንዱ ላይ የወጣ ዘርፍ ካለ ግን በሁለት ፒክስል ብሩሽ በእጅ መሳል ነው።

ሳሚ_ግራፊክስ

በእጅ ስትስይ ክሮቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አታውርጃቸው። ሁለት ሦስቱ ይጠማዘዙ፣ አንዱ ይጠር።